በወንበሩ ክንድ ላይ ያለችው መስመር

ለቅሶ ድንኳን ይሁን ሰርግ ቤት፣ ካፌ በረንዳ ይሁን የስብሰባ አዳራሽ፣ ያንኑ ወንበር ያገኙታል፤ ወጥ ፕላስቲክ፣ ባለ አራት እግር፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚቆለል። የሚቀመጥበት ሰው በሌለበት ሰዓት አንዱን ይገልብጡት። ከመቀመጫው ሥር፣ መሃል አካባቢ፣ ትንሽ ክብ ጠባሳ አለች። በጣት ሲዳሰስ ትሻክራለች። እግሩም፣ መደገፊያውም፣ ክንድ ማሳረፊያውም፣ ወንበሩ በሙሉ የገባው በዚያች ነጥብ ነው።

አሁን ወንበሩን አቁመው ወደ ብርሃን ያዘንብሉት። መቀመጫው በጥቅሉ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ የማጠንከሪያ ጎድን በሚያልፍበት ቦታ፣ በላይኛው ገጽ ላይ ብርሃኑ የሚታጠፍበት ስስ ስርጉድ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ክንድ ማሳረፊያውን ይመርምሩ። ከፊት እግሩ በሚነሳውና ከመደገፊያው በሚመጣው ክፍል መካከል አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለች ቀጭን መስመር ታቋርጠዋለች። የተሰነጠቀ ይመስላል እንጂ አልተሰነጠቀም፤ ቢያንስ ገና። የፋብሪካ ሰዎች ስርጉዱን ሲንክ ማርክ፣ መስመሯን ዌልድ ላይን ይሏቸዋል። ሁለቱም አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ያንን ደቂቃ በሰከንድ በሰከንድ ከፍለን ካላየን ለምን እንደተፈጠሩ አይገባንም።

ይህን ዓይነት ወንበር በአንድ ቅርጽ የማውጣት ሐሳብ ቀድሞም ነበር። ርካሽና ፈጣን አድርጎ ወደ ገበያ በማውጣት ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ግን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ማሶኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው ፎቴይ 300 የተባለ ወንበር ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣ ነበር። ዛሬ ደህና ሞልድ ያለው ፋብሪካ ጊዜውን ከ1 ደቂቃ በታች አውርዶታል። ከዚህ በታች መውረድ የሚከለክለው ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው።

ጥሬ ዕቃው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በፋብሪካው ቋንቋ ፒፒ። ሩዝ የሚያክል ፍሬ ሆኖ በ25 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ እኛ አገር ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ፍሬው በማሽኑ አናት ካለው ሆፐር ወደ ወፍራም የብረት ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ ረጅም ስክሩ ይሽከረከራል፤ ቱቦውን ከውጭ የኤሌክትሪክ ሂተሮች ከበውታል። ሰው ሂተሩ ብቻ የሚያቀልጠው ይመስለዋል። ስክሩ ፍሬውን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲያሻሸው የሚፈጠረው ሙቀት ግን ብዙ ጊዜ ከሂተሩ ይበልጣል። ስክሩ እየዞረ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከፊቱ ለአንድ ወንበር የሚሆን፣ 2.5 ኪሎ ያህል፣ በ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የቀለጠ ወፍራም ፈሳሽ ይጠራቀማል።

በሌላ በኩል ሁለቱ የሞልድ ግማሾች ይዘጋሉ። መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ በኃይል ተጨብጠው መቆየት አለባቸው። ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ማስላት ይቻላል። ወንበሩን ከላይ ስናየው የሚሸፍነው ስፋት 60 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 3,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የቀለጠው ፕላስቲክ ሞልዱ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 300 ኪሎ ቢገፋ፣ ሁለቱን ግማሾች ለመበርገድ የሚታገለው ኃይል 900 ሺህ ኪሎ፣ ማለትም 900 ቶን ይሆናል። ለአንድ ቀላል ወንበር ቤት የሚያክል ማሽን ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጭብጡ ትንሽ ከላላ ፕላስቲኩ በሞልዱ መጋጠሚያ ሾልኮ ይወጣና በወንበሩ ጠርዝ ላይ እጅ የሚቧጭር ስስ ቅርፊት ይተዋል።

ሞልዱ ሲጨበጥ ስክሩ መዞሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ፊት ይገፋል። በ5 ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ፕላስቲኩ በዚያች ነጥብ ገብቶ እስከ እግሮቹ ጫፍና እስከ መደገፊያው አናት ይደርሳል። ከዚያ ማሽኑ ግፊቱን ወዲያው አይለቅም፤ ለጥቂት ሰከንድ እየተጫነ ይቆያል። ቀጥሎ የሚታይ ምንም ነገር የለም። ሞልዱ ዝግ ነው፤ በብረቱ ውስጥ በተቦረቦሩ ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ ውኃ ይሮጣል፤ ስክሩ ለሚቀጥለው ወንበር እየዞረ ያቀልጣል፤ ኦፕሬተሩም ያለፈውን ወንበር ጠርዝ በቢላ እየላገ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሞልዱ ይከፈታል፣ ወንበሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ሞልዱ እንደገና ይዘጋል።

ከነዚህ ሁሉ ረጅሙ ያ ጸጥ ያለው ጥበቃ ነው። የዑደቱ ከግማሽ በላይ በማቀዝቀዝ ያልፋል።

ለምን እንደሚዘገይ የገንፎ ነገር ይነግረናል፤ ዳር ዳሩ በርዶ መሃሉ ምላስ ያቃጥላል። ፕላስቲክም ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። ሞልዱ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ፣ በግድግዳው መሃል ያለው ሙቀት ወደ ገጹ የሚወጣው በራሱ ፍጥነት ነው። ሞልዱ 30 ዲግሪ፣ የቀለጠው 230 ዲግሪ፣ ወንበሩ ሳይጣመም የሚወጣበት የመሃሉ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ ነው ብለን በተለመደው የሙያው ስሌት እናስላው። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 6 ሰከንድ ተኩል ይበቃል። 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15 ሰከንድ ገደማ። 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 26 ሰከንድ። ውፍረቱ ከ2 ወደ 4 በእጥፍ ሲያድግ ጊዜው በእጥፍ አልጨመረም፤ አራት እጥፍ ሆነ። የማቀዝቀዣ ጊዜ የሚከተለው ውፍረቱን ሳይሆን ውፍረቱ በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን ቁጥር ነው።

የዚህ ወንበር ቅርጽ የተወለደው ከዚህ ሕግ ነው። እግሩን ከኋላ በኩል ይዩት። ከፊት ሲታይ ደንዳና ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ገበታ ታጥፎ ማዕዘን ሠርቶ ነው የቆመው። ክንድ ማሳረፊያውም ከሥር ሲዳብሱት እንደ አሸንዳ የተገለበጠ ነው። ጥንካሬውን የሰጠው እጥፋቱ ነው። እግሩ እንደ እንጨት ወንበር ድፍን፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ቢሆን ኖሮ በዚያው ስሌት እስኪበርድ 17 ደቂቃ ገደማ ይወስድ ነበር። በ17 ደቂቃ አንድ ወንበር የሚያወጣ ፋብሪካ ደግሞ ሳምንት ሳይቆይ ይዘጋል።

የእኛ ወንበር ግድግዳ 4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ሞልድ መዝጊያ 5 ሰከንድ፣ መሙያ 5፣ ማቀዝቀዣ 26፣ መክፈቻና ማውጫ 10፤ በጠቅላላው 46 ሰከንድ። ግፊቱ የሚቆይባቸው ሰከንዶች በ26ቱ ውስጥ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ግፊት ላይ እያለም መብረዱን አያቆምምና። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ሳይቆም ቢሠራ በ24 ሰዓት 1,878 ወንበር ያወጣል። መብራት ሳይጠፋ ማለቴ ነው፤ ሲጠፋ ቱቦው ውስጥ የቀረው ፕላስቲክ እየተቃጠለ ስለሚጠቁር፣ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ተፈጭተው ወደ ሆፐር የሚመለሱ ናቸው።

ስሌቱ ሞልዱ ሁልጊዜ 30 ዲግሪ ላይ እንደሚቆይ ያስባል። እዚህ ላይ ብዙ ፋብሪካ የማያየው ሌባ አለ፤ ውኃው። ጠጣር ውኃ በሞልዱ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየውን ያንኑ ነጭ ልጣጭ ያስቀምጣል። ልጣጩ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከሞልድ ብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ልጣጭ ማለት በውኃውና በፕላስቲኩ መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ብረት እንደመጨመር ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ቅንብር አልተነካም፣ ቺለሩም እየሠራ ነው፣ ወንበሩ ግን ከወር ወር እየሞቀና እየተጣመመ ይወጣል። ኦፕሬተሩም ሳይነገረው 2 ሰከንድ፣ ከዚያ 2 ሰከንድ ይጨምራል። ለይቶ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሞልዱ አዲስ ሳለ በእያንዳንዱ የውኃ መስመር በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ በባልዲ ለክቶ መጻፍና በየጊዜው ማነጻጸር ነው። ልጣጩ ገና ስስ ሳለ ፍሰቱ ብዙ ላይቀንስ ስለሚችል የሞልዱን ገጽ ሙቀት መለካትም ያስፈልጋል።

ወደ ስርጉዱ እንመለስ። ፒፒ በ230 ዲግሪ ቀልጦ ሳለ፣ ግፊት ከሌለበት፣ 1 ሊትሩ 740 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በርዶ ሲጠጥር 1 ሊትሩ 900 ግራም ነው። ያው ክብደት ወደ አንድ ስድስተኛ ያነሰ ቦታ ያዘ ማለት ነው። ሞልዱን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልተነው ብንተወው፣ ሲበርድ ከግድግዳው ይሸሻል። ከሞላ በኋላ ማሽኑ እየተጫነ የሚቆየው ይህን ለማካካስ ነው፤ ፕላስቲኩ በተኮማተረ ቁጥር በዚያች መግቢያ ተጨማሪ ያጎርሰዋል።

የሚያጎርሰው ግን መግቢያዋ እስክትደርቅ ድረስ ብቻ ነው። መግቢያዋ ጠባብ ናት፤ ከወንበሩ ግድግዳ ቀድማ ትጠጥራለች። ከዚያ በኋላ 900 ቶን ማሽን ቢገፋ ውስጥ የሚደርስ ነገር የለም፤ የሚባክነው ኤሌክትሪክ ነው። መቼ እንደምትደርቅ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሚዛን ይበቃል። ማቆያ ጊዜውን 4 ሰከንድ አድርጎ አንድ ወንበር ማውጣትና መመዘን፣ ከዚያ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እያሉ መቀጠል ነው። በ4 ሰከንድ 2,460 ግራም፣ በ6 ሰከንድ 2,480፣ በ8 ሰከንድ 2,492፣ በ10 ሰከንድ 2,498፣ በ12 ሰከንድም 2,498 መዘነ እንበል። መግቢያዋ በ8 እና በ10 ሰከንድ መካከል ደርቃለች ማለት ነው፤ ከ10 በላይ ማቆየት ትርፍ የለውም፤ ከ8 በታች ማቆየት ደግሞ ወንበሩን ሳይጠግብ ማስነሳት ነው። ይህን ሙከራ ሠርቶ ውጤቱን ማሽኑ ላይ የለጠፈ ፋብሪካ ካዩ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው።

ማቆያው በትክክል ተቀናብሮም ስርጉድ ሊቀር ይችላል፤ የሚቀረውም ጎድኑ ሥር ነው። የመቀመጫው ግድግዳ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሥሩ የሚነሳው ጎድንም 4 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ተቆረጠ እንበል። ሁለቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ያለው ፕላስቲክ ከሁለቱም ይበልጣል። በመጋጠሚያው ውስጥ ሊገባ የሚችለውን ትልቁን ክብ በወረቀት ላይ ብንስል ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ተጨመረ፤ ጊዜው ግን ውፍረቱ በራሱ ሲባዛ ነውና የሚቆጠረው፣ 25 ለ16 ሆነ። ሌላው ግድግዳ በ26 ሰከንድ ሲበርድ ያ ቦታ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ፣ መግቢያዋም ተዘግታ፣ እዚያ ውስጥ ገና ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ እየተኮማተረ ነው። የሚያጎርሰው ስለሌለ የላይኛውን ገጽ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያ ነው ስርጉዱ።

ጎድኑ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ ክቡ 4.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር፤ ጊዜውም 29 ሰከንድ። ስለዚህ ነው የሞልድ ዲዛይነሮች ጎድንን ከግድግዳው ውፍረት ከግማሽ እስከ 60 በመቶ በሚሆን መጠን የሚስሉት። ጥንካሬ ካስፈለገ ጎድኑን አያወፍሩትም፤ ከፍ ያደርጉታል ወይም ሌላ ይጨምሩበታል።

ስርጉድ ሲታይ በምርት ክፍሉ የሚሰማው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፕሬሸር ጨምርበት!» ኦፕሬተሩም ይጨምራል። ስርጉዱ ትንሽ ይቀንሳል፣ በጠርዙ ቅርፊት ይወጣል፣ ወንበሩ ሞልዱ ውስጥ ይጣበቃል፣ በማግስቱም ኦፕሬተሩ ይወቀሳል። በእኔ እይታ ይህ ፍርድ የተዛባ ነው። ጎድኑን 4 ሚሊ ሜትር ያደረገው ሞልዱን የሣለው ሰው ነው። ብረት ላይ የተቆረጠ ስሕተት በቁልፍ አይስተካከልም፤ ትንሽ ይሸፈናል እንጂ። ብረቱን ማረም ራሱ ቀላል አይደለም፤ ጎድን የሚፈጠረው ሞልዱ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ስለሆነ፣ ጎድኑን ማወፈር ማለት ብረት መፋቅ ነው፤ ማቅጠን ግን የተፋቀውን መልሶ በብየዳ መሙላትና እንደገና መቁረጥ ይጠይቃል። ልምድ ያለው ሰው ቦዩን መጀመሪያ አጥብቦ የሚቆርጠው ለዚህ ነው፤ ካነሰ ይሰፋል፣ ከሰፋ ግን መመለሻው ውድ ነው።

ስርጉድ ያልታየበት ወፍራም ቦታም ሁልጊዜ ጤነኛ አይደለም። ሞልዱ በጣም ቀዝቅዞ የላይኛው ገጽ ቶሎ ከጠነከረ፣ ለመሳብ እምቢ ይላል፤ የሚኮማተረው መሃል ደግሞ የሆነ ቦታ መሄድ አለበትና ራሱ ውስጥ ይቀደዳል። ባዶ አረፋ ይፈጠራል። አየር የገባበት አይደለም፤ ምንም የሌለበት ባዶ ነው። ከውጭ አይታይም፤ ወፍራሙን ቦታ በመጋዝ ቆርጦ ማየት ነው። ለዓይን ብቻ ከሆነ ስርጉዱ ጥፋት ይመስላል፤ ለሚቀመጠው ሰው ግን ከሁለቱ የሚያሰጋው አረፋው ነው። የወንበሩን ገጽ እንደ ቆዳ ወይም እንደ ሰሌዳ ማሻከር ስርጉድ የመደበቂያ የቆየ ዘዴ ነው፤ ብርሃኑ ስለሚበታተን ዓይን አይይዘውም። የምናየው ጌጥ ሁሉ ለጌጥ የተደረገ አይደለም።

የክንዷ መስመር ታሪክ የሚጀምረው ሞልዱ በሚሞላባቸው 5 ሰከንዶች ውስጥ ነው። ፕላስቲኩ ከመቀመጫው መሃል ተነስቶ በሁሉም አቅጣጫ ይዘረጋል። አንዱ ጅረት ወደ ፊት እግር ይሄዳል፤ ከዚያ ክፍሉ ወደ ላይ ታጥፎ ክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ይገባል። ሌላው ወደ መደገፊያው ወጥቶ ከኋላ በኩል ወደዚያው ክንድ ይመጣል። ክንዱ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ነውና መሃሉ ላይ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። በመደገፊያው ላይ ያሉት ረጃጅም ክፍተቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጅረቱ ከክፍተቱ ሥር ለሁለት ተከፍሎ፣ ጎንና ጎኑን አልፎ፣ ከአናቱ በላይ እንደገና ይገናኛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍተት ራስ ላይ አንዲት መስመር ትነሳለች። ጥቁር አረንጓዴ ወይም የሚያብረቀርቅ ቀለም ባለው ወንበር ላይ በቀላሉ ትታያለች፤ ነጭ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለት የቀለጡ ጅረቶች ሲገናኙ አንድ መሆን አለባቸው ብለን እንገምታለን። ይሆናሉ፣ ግን ጊዜና ሙቀት ይፈልጋሉ። ፕላስቲክ የረጃጅም ሞለኪውሎች ጥቅል ነው፤ ጥንካሬው የሚመጣው አንዱ በሌላው ውስጥ ስለተጠላለፈ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የአንዱ ጅረት ሞለኪውሎች ወደ ሌላው ተሻግረው መጠላለፍ አለባቸው። ችግሩ ግንባር ላይ ያለው ፕላስቲክ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው፣ ብዙ ሙቀት ያጣው መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ጅረቱ ሲዘረጋ ግንባሩ ላይ ያሉት ሞለኪውሎች በግንባሩ ርዝመት ይነጠፋሉ፤ ሁለት ግንባሮች ሲጋጠሙ ጎን ለጎን ይተኛሉ እንጂ ወዲያው አይያያዙም። በሁለቱ መካከል የተያዘው አየርም መውጫ ይሻል። ካላገኘ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይግላል፤ አንዳንዴ ፕላስቲኩን እስኪያጠቁረው ድረስ። በመስመሯ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካዩ አየሩ እዚያ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ገጹ ላይ ደግሞ መስመሯ ጥልቀቷ ከፀጉር ያነሰ ቦይ ሆና ትቀራለች፤ ስንጥቅ ሲጀምር ከዚያች ቦይ ይጀምራል።

ንጹሕ ፒፒ በዚህ ረገድ ይቅር ባይ ነው። ሞቆ ከተጋጠመ የመስመሯ ጥንካሬ ከሌላው አካሉ ብዙም አያንስም። ነገሩ የሚለወጠው ሌላ ነገር ሲገባበት ነው። ዋጋ ለመቀነስ በርካሽ ወንበር ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል፤ በልክ ሲሆን ወንበሩን ያደነድነዋል፣ ሲበዛ ግን ያሰብረዋል፤ ያ ድክመት ጎልቶ የሚታየው ደግሞ መጋጠሚያዋ ላይ ነው። የመስታወት ጭረት የተጨመረበት ፒፒ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ጭረቶቹ ሌላውን አካል እንደ ሽቦ ይዘውት ሳለ መጋጠሚያው ላይ በመስመሯ አቅጣጫ ስለሚተኙ አንዳቸውም ድልድይ አይሆኑም፤ ጥንካሬው በግማሽና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ተደጋግሞ የተፈጨ ፕላስቲክም ሞለኪውሎቹ ስላጠሩ የመጠላለፍ አቅሙ ይቀንሳል።

መስመሯን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ክፍተት ወይም ቀለበት ያለው ቅርጽ በአንድ መግቢያ ከተሞላ መጋጠሚያ ይኖረዋል። የሚቻለው ሁለት ነገር ነው፤ የተሻለ እንድትያያዝ ማድረግ ወይም ከባድ ጭነት ወደማይመጣበት ቦታ መግፋት። ለመያያዟ ፕላስቲኩን ማሞቅ፣ ቶሎ መሙላት፣ ሞልዱን ትንሽ ማሞቅ፣ መጋጠሚያው ላይ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 መቶኛ ሚሊ ሜትር የሆነ የአየር መውጫ መቁረጥ ይረዳል፤ በዚያች ስንጥቅ አየር ያልፋል፣ ወፍራሙ ፕላስቲክ ግን አያልፍም። መውጫዋ በቅባትና በፕላስቲክ ጢስ ትደፈናለች፤ በየጊዜው ካልተጠረገች ትናንት ደህና የነበረው መጋጠሚያ ዛሬ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ችግሮች የሚጣሉት። ለመስመሯ ብለን ፕላስቲኩን ከ230 ወደ 250 ዲግሪ ብናሞቀው፣ ማቀዝቀዣው ከ26 ወደ 28 ሰከንድ ይጠጋል። ሞልዱን ከ30 ወደ 45 ዲግሪ ብናወጣው ደግሞ፣ ፕላስቲኩ በ230 እንዳለ፣ ወደ 30 ሰከንድ ይደርሳል። 4 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ዑደቱ ግን ከ46 ወደ 50 ሰከንድ ሄደ፤ የቀኑ ምርት ከ1,878 ወደ 1,728 ወረደ። በቀን 150 ወንበር። በዚያ ላይ የሞቀው ፕላስቲክ የበለጠ ስለሚኮማተር ስርጉዱ ሊጎላ ይችላል። ብርዱን ብንመርጥ ደግሞ ዑደቱ ያጥራል፣ መስመሯ ትደክማለች። የሌሊት ፈረቃ ኃላፊው የምርት ቁጥር እንዲሟላለት ሲል ከማቀዝቀዣው 3 ሰከንድ ቢቀንስ፣ ወንበሩ ሲወጣ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ የቀረው ሙቀት ሥራውን የሚጨርሰው ወንበሮቹ ተቆልለው መጋዘን ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። እግሮቹ ትንሽ ይከፈታሉ፣ አንዱ ከወለሉ ይነሳል፣ ስርጉዱም በማግስቱ ይታያል።

ስለዚህ የተሻለው መፍትሔ ቦታ መለወጥ ነው። ጅረት በወፍራም መንገድ ይፈጥናል፣ በቀጭን መንገድ ይዘገያል። የሞልድ ዲዛይነሩ ከመቀመጫው ወደ መደገፊያው በሚሄደው መንገድ ላይ ውፍረቱን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጨምር፣ ከኋላ የሚመጣው ጅረት ቀድሞ ክንዱ ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያዋም ከክንዱ መሃል ወደ ፊት ትገፋለች። ሰው ሲነሳ እጁን ተጭኖ ክብደቱን ሁሉ የሚጥለው ክንዱ ላይ ነው፤ ክንዱም በብዛት የሚጎብጠው መሃሉ ላይ ነው። መስመሯ ወደ ፊት እግሩ ትከሻ ብትጠጋ፣ ክንዱ ሰፍቶ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብታርፍ፣ ያው ድክመት ያነሰ ጉብጠት ይደርስበታል። የግማሽ ሚሊ ሜትሩም ዕዳ አለው፤ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ክፍል በዚያው ስሌት 33 ሰከንድ ይጠይቃል። ዲዛይነሩ እዚያ ቦታ ላይ የውኃ ቀዳዳውን ወደ ገጹ ማቅረብ፣ ወይም ሙቀት በፍጥነት የሚያሳልፍ የመዳብ ቅይጥ መክተት ይችላል፤ ፕላስቲኩ ሙቀቱን የሚለቅበት የራሱ ፍጥነት ግን ስለማይቀየር የሚመለሰው ጊዜ በከፊል ነው።

ወንበር የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ መለካት አይችልም። ክንዱን ግን ማየት ይችላል። መስመሯን በብርሃን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ሁለት እጁን በክንዶቹ ላይ አድርጎ በክብደቱ ይጫን፣ ወደ ውጭም ይግፋ። መስመሯ ላይ ነጣ ያለ ጥላ ብቅ ካለ ውስጡ መላቀቅ ጀምሯል፤ ፒፒ ከመሰንጠቁ በፊት የሚነጣ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ ደግሞ ፈተናው በየዓመቱ ቢደገም ይሻላል። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ፒፒ ገጹ እየደረቀ ይፈረፈራል፤ ቀድሞም ቦይ የሆነችው መስመርም ከሌላው ገጽ ቀድማ ትከፈታለች።